ቴስቱን ሳይለቁ ስጋቱን መመለስ፦ ለገምጋሚ የሚጻፍ ደብዳቤ

አንድ የጥናት ጽሑፍ ወደ ሳይንሳዊ ጆርናል ሲላክ አርታኢው ለሁለት ወይም ለሦስት የዘርፉ ሰዎች ያስነብበዋል። አስተያየታቸው ሲመጣ አጥኚዎቹ ጽሑፉን አርመው ይመልሳሉ፤ አብሮም ለእያንዳንዱ አስተያየት በየተራው መልስ የሚሰጥ ደብዳቤ ይልካሉ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ በጣም ከሚያስቸግሩት መልሶች አንዱ «የተጠቀማችሁበት የስታትስቲክስ ቴስት ልክ አይደለም፣ ቀይሩት» ለሚል ገምጋሚ የሚሰጠው ነው።

ለማሳያ አንድ ጥናት እናስብ። አንድ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎችን የሚንከባከብበትን መንገድ መለወጥ ፈልጎ 300 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፈላቸው፤ 150ዎቹ በነባሩ፣ 150ዎቹ በአዲሱ አሠራር ታከሙ። በነባሩ አሠራር የታከሙት በአማካይ 1.4 ቀን አብልጠው ተኝተዋል። አጥኚዎቹ ሁለቱን አማካዮች ያወዳደሩት ዌልች ቲ-ቴስት በሚባለው ነው። ገምጋሚው እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «የመተኛ ቀናት ስርጭት ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው። ቲ-ቴስት ደግሞ ኖርማል ስርጭት ይፈልጋል። በማን-ዊትኒ ቴስት ይተካ።»

ገምጋሚው ያየው ነገር እውነት ነው። አብዛኛው ታካሚ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወጣል፤ ቁስሉ ያመረቀዘበት ወይም ሌላ ችግር የገጠመው ግን ከወር በላይ ሊተኛ ይችላል። ችግሩ ያለው ባቀረበው መፍትሔ ላይ ነው። ማን-ዊትኒ ቀናቱን አይደምርም፤ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ ደረጃቸውን ብቻ ያያል። ስለዚህ የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው።

ይህን በአምስት አምስት ታካሚዎች ማየት ይቻላል። በአንደኛው ክፍል የተኙት 3፣ 4፣ 4፣ 5 እና 24 ቀን ቆዩ እንበል። በሁለተኛው ክፍል ያሉት ደግሞ 5፣ 5፣ 6፣ 6 እና 8 ቀን። ከየክፍሉ አንድ አንድ ታካሚ እያጣመርን ብናወዳድር 25 ጥንዶች ይኖሩናል፤ በ18ቱ ቀድሞ የወጣው የአንደኛው ክፍል ታካሚ ነው፣ በሁለቱ እኩል ናቸው፣ በአምስቱ ብቻ የሁለተኛው ይቀድማል። ማን-ዊትኒ የሚያየው ይህንን ነው፤ በእሱ ዓይን አንደኛው ክፍል ይሻላል። አልጋ የተያዘባቸውን ቀናት ስንደምር ግን አንደኛው ክፍል 40፣ ሁለተኛው 30 ይሆናል። በአማካይ 8 እና 6 ቀን ማለት ነው። ለ24 ቀን የተያዘው አልጋ በደረጃ አሰላለፍ ውስጥ «የመጨረሻው» ከመባል በቀር ክብደት የለውም። አልጋና ነርስ የሚመድበው ኃላፊ ግን የሚከፍለው ለእያንዳንዱ ቀን ነው፤ እሱ የሚፈልገው ቁጥር አማካዩ ነው።

የመከላከያው ዋና ክር ይህ ነው፣ ደብዳቤውም ከዚህ መጀመር አለበት። ብዙዎች የሚጀምሩት «ከእኛ በፊት የነበሩ ጥናቶችም ይህንኑ ተጠቅመዋል» ብለው ነው፤ ይህ ደካማ መልስ ነው፣ ስህተትም በልማድ ይተላለፋልና። ጠንካራው መልስ ጥያቄውን ያስቀድማል፦ «የተከበሩ ገምጋሚ፣ መረጃው ያዘነበለ መሆኑን እንስማማለን። ሆኖም ጥናቱ የሚጠይቀው አዲሱ አሠራር በአማካይ ስንት የአልጋ ቀን እንደሚቀንስ ነው፤ ይህም መረጃው ከመሰብሰቡ በፊት በፕሮቶኮሉ ተጽፏል። ማን-ዊትኒ ይህን መጠን አይለካም።» ፕሮቶኮሉ መጠቀሱ አጥኚዎቹ ውጤቱን ካዩ በኋላ የሚስማማቸውን ቴስት እንዳልመረጡ ያሳያል።

ቀጥሎ የሚመጣው የኖርማል ስርጭት ጉዳይ ነው። ቲ-ቴስትን በ1908 ያስተዋወቀው ዊልያም ጎሴት በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ባልደረባ ነበር፤ የተቸገረውም በጣም ጥቂት ናሙናዎችን ይዞ ነው። ናሙናው ትንሽ ሲሆን የስርጭቱ ቅርጽ በእርግጥ ያሳስባል። ናሙናው ሲበዛ ግን እያንዳንዱ ታካሚ የተኛበት ቀን ያዘነበለ ቢሆንም አማካዩ ራሱ፣ ጥናቱ ቢደጋገም የሚኖረው ስርጭት፣ ወደ ኖርማል ይጠጋል። ቶማስ ላምሊና ባልደረቦቹ በ2002 ባወጡት ጽሑፍ በትልልቅ የሕብረተሰብ ጤና መረጃዎች ላይ ቲ-ቴስት ኖርማል ያልሆነ ስርጭትን እንደሚችል አሳይተዋል። ዌልች በ1947 ያቀረበው ዓይነት ደግሞ የሁለቱ ቡድኖች መበታተን እኩል እንዲሆን አይጠይቅም።

ግን «ትልቅ» የሚባለው ስንት ነው? አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም፤ ስርጭቱ ባዘነበለ መጠን የሚያስፈልገው ናሙና ይበዛል። 150 ሰው ለአብዛኛው ሁኔታ ይበቃል፤ ሦስት አራት ሰዎች ብቻቸውን አማካዩን የሚጎትቱ ከሆነ ግን በልበ ሙሉነት መናገር አይቻልም። የገምጋሚው ትክክለኛ ስጋት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ያቀረበው መፍትሔ ባይሆንም፣ ከመፍትሔው ጀርባ ያለው ጭንቀት ቁምነገር ነው፤ ጥሩ ደብዳቤ ሁለቱን ይለያል።

ሴንሲቲቪቲ አናሊሲስ የሚያስፈልገው ለዚህ ጭንቀት ነው፤ አንድ ግምት ሲለወጥ ውጤቱ ይጸናል ወይስ ይናጋል የሚለውን መፈተሽ ማለት ነው። ቲም ሞሪስ፣ ብሬናን ካሃን እና ኢያን ዋይት በ2014 ስለዚህ ሲጽፉ ካስቀመጧቸው መመዘኛዎች የመጀመሪያው ተጨማሪው ስሌት ያንኑ ጥያቄ ይመልሳል ወይ የሚል ነው። በዚህ ሚዛን ማን-ዊትኒ ይወድቃል። አጥኚዎቹ ለገምጋሚው ሲሉ በአባሪ ሰንጠረዥ ሊያወጡት ይችላሉ፤ ሌላ ጥያቄ እንደሚመልስ ግን አብረው ይጻፉ።

በምሳሌያችን ሁለት ስሌቶች ይበቃሉ። አንደኛው ቡትስትራፕ ነው፦ ከየቡድኑ 150 ታካሚዎች መካከል፣ አንዱ ሰው ተደጋግሞ ሊመረጥ በሚችልበት መንገድ፣ 150 ሰው በዕጣ ይወጣል፤ የአማካዮቹ ልዩነት ይሰላል፤ ይህም በሺዎች ጊዜ ይደገማል። ስርጭቱ ኖርማል ነው ብሎ መገመት ሳያስፈልግ የልዩነቱ ወሰን ይገኛል። ሁለተኛው በጥቂት ሰዎች ላይ ያነጣጥራል፦ ከ30 ቀን በላይ የተኛ ሁሉ 30 ቀን እንደተኛ ተቆጥሮ ስሌቱ ይደገማል። ሰዎቹን ጨርሶ ከማስወጣት ይህ ይሻላል፤ ታካሚዎቹ በእርግጥ ነበሩና።

በነባሩ አሠራር ከታከሙት አራቱ በአማካይ 41 ቀን ተኝተው ነበር እንበል። የመጀመሪያው ስሌት የሰጠው ልዩነት 1.4 ቀን፣ የ95 ከመቶ ወሰኑም ከ0.2 እስከ 2.6 ነው። በቡትስትራፕ ከ0.3 እስከ 2.7 ይሆናል፤ ለውጡ ኢምንት ነው። ቀናቱ 30 ላይ ሲቆረጡ ግን ልዩነቱ ወደ 1.1 ይወርዳል፣ ወሰኑም ከ0.1 እስከ 2.1 ይሆናል። ደብዳቤው ይህን ሳያድበሰብስ ይናገራል፦ «የውጤቱ አቅጣጫ አልተለወጠም፤ ከተገኘው ልዩነት አንድ አምስተኛ ገደማ ግን ከአራት ታካሚዎች የመጣ ነው። ይህን በውጤትና በውይይት ክፍሎች ጨምረናል፤ ስሌቶቹ በገምጋሚ ጥያቄ የተጨመሩ እንጂ አስቀድመው የታቀዱ እንዳልነበሩም ገልጸናል።» የተለወጡት መስመሮች የሚገኙበት ገጽም አብሮ ይጠቀሳል።

የ30 ቀኑ ገደብ ስሌቱ ከመሠራቱ በፊት መወሰን አለበት። 20፣ 25 እና 40 እየሞከሩ የሚያምረውን ማውጣት ገምጋሚው የፈራውን ጥፋት በሌላ በር ማስገባት ነው። ወሰኑ ዜሮን ተሻግሮ ቢገኝ ደግሞ አጥኚዎቹ ዋናው ቴስታቸው ልክ መሆኑን ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ የጽሑፉ አጠቃሎ ግን ውጤቱ በጥቂት ረጅም ጊዜ በተኙ ታካሚዎች ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን በግልጽ ሊናገር ይገባል። በአባሪው ውስጥ ብቻ መደበቅ አይፈቀድም፤ አብዛኛው ሐኪም የሚያነበው አጠቃሎውን ነው።