የግድግዳ እድፍ በፎቶ ሲመረመር

ክረምት ሲወጣ ለግንበኞችና ለቀለም ቀቢዎች በቴሌግራም የሚላከው ፎቶ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ በጣም ተጠግተው ያነሡት እድፍ፣ ከሥሩ ደግሞ «ይሄ ምንድን ነው? ቀለም ብናስቀባው ይጠፋል?» የሚል ጥያቄ። ከእንዲህ ያለ ፎቶ መልስ ማግኘት ያስቸግራል። የሚታየው የእድፉ ቀለም ብቻ ነው፤ ቀለም ደግሞ ያሳስታል። ነጭ ሁሉ ጨው፣ ጥቁር ሁሉ ሻጋታ አይደለም። እድፉ ከግድግዳው የትኛው ክፍል ላይ እንደወጣ፣ ጠርዙ ምን እንደሚመስልና ከግድግዳው ጀርባ ምን እንዳለ ማወቁ ከቀለሙ ይልቅ ብዙ ይናገራል።

ስለዚህ አራት ፎቶ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ከራቅ ብሎ፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ፣ መስኮቱና ዕቃው ሳይቀር የሚያሳይ ይሁን። ሁለተኛው በስንዝር ርቀት የተነሣ ሆኖ መጠኑ እንዲታወቅ ሳንቲም አጠገቡ ይያዝ። ሦስተኛው ፍላሽ ጠፍቶ፣ የሌላ ስልክ መብራት ከጎን ግድግዳውን ታክኮ እየበራ የሚነሣ ነው፤ ዱቄቱና የተነፋው ቀለም ጥላ ስለሚጥሉ ፍላሽ የሚደብቀው ሁሉ ይወጣል። አራተኛው፣ ብዙ ሰው የሚረሳው፣ ያው ቦታ በውጭ በኩል ሲታይ ነው፤ የጣሪያው ጫፍ፣ አሸንዳውና መሬቱ አብረው ይግቡ።

አሁን ወደ እድፉ እንምጣ። እርጥበት ብቻውን ሲሆን ጥላ ይመስላል፦ ከቀረው ቀለም የጠቆረ፣ በጎን መብራት ሲታይ ግን ምንም ከፍታ የሌለው። ሲደርቅ ዳር ዳሩን ቢጫ ወይም ቡናማ መስመር ይተዋል። ሻጋታ በነጠብጣብ ይጀምራል፤ ክብ ክብ ጥቁር፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ነጥቦች እየበዙ ይገጥማሉ። የሚበላው በቀለሙና በአቧራው ውስጥ ያለውን ነገር ስለሆነ ላይ ላዩን ይሰፍራል፤ አየር የማይዘዋወርበት ጥግ፣ የቁም ሳጥን ጀርባና የመታጠቢያ ቤት ኮርኒስ ይስማማዋል። ጨው ግን ከግድግዳው ውስጥ የሚወጣ ነው። ውኃ በብሎኬቱ፣ በልስኑና በአፈሩ ውስጥ ያለውን ጨው አሟሙቶ ይዞ ይጓዛል፤ ከግድግዳው ፊት ደርሶ ሲተን ጨው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ እንደ ጥጥ የተነፋ ወይም እንደ ዱቄት የተበተነ ነጭ ነገር የሚታይበት ቦታ ውኃው የሚተንበት ቦታ ነው።

ፎቶ ብቻውን የማይለያቸው ነገሮች አሉ። ነጭ ሻጋታና ጨው ይመሳሰላሉ፤ ጥቂቱን በማንኪያ ፍቆ ውኃ ጠብ ማድረግ ይረዳል። አብዛኛው የግድግዳ ጨው ሟሟቶ ይጠፋል፣ ሻጋታ አይሟሟም። በውኃ ያልሟሟው ነጭ ዱቄት አቼቶ ሲነካው አረፋ ካወጣ ከሲሚንቶው የወጣ ኖራ ነው። የከሰልና የሻማ ጥላሸት ደግሞ ሻጋታ ይመስላል፤ በውኃ የቀጠነ በረኪና ጠብ ሲደረግበት ሻጋታ በደቂቃዎች ውስጥ ይነጣል፣ ጥላሸት ግን አይለወጥም። በረኪናና አቼቶ ፈጽሞ አይገናኙ፤ ሲቀላቀሉ መርዛማ ጋዝ ይወጣቸዋል።

አንድ የተለመደ ጉዳይ ወስደን እንየው። ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የብሎኬት ቤት ነው፤ እድፉ ምድር ቤት ባለው መኝታ ክፍል ውጫዊ ግድግዳ ላይ ወጥቷል። የራቀው ፎቶ እድፉ ከወለሉ ተነሥቶ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ እንዳለና በግድግዳው ርዝመት ሁሉ ከላይ እኩል ሆኖ እንደተዘረጋ ያሳያል። በጎን መብራት የተነሣው ከሥሩ ጠቆር ያለ፣ ከላይኛው ጠርዙ ላይ ነጭ ብናኝና ተነፍቶ የሚረግፍ ቀለም ያሳያል። ቁም ሳጥኑ ሲነሣ ከጀርባው በሰው ራስ ከፍታ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ተገኝቷል። በውጭ በኩል ግድግዳውን የተደገፈ የአበባ መደብ አለ፤ አፈሩ ከቤቱ ወለል በስንዝር ይበልጣል፣ ጣሪያውም አሸንዳ ስለሌለው ውኃው መደቡ ላይ ይወርዳል።

ከወለል ተነሥቶ እኩል የተዘረጋ እድፍ ምንጩ መሬት ነው ያሰኛል። ከጣሪያ ቢመጣ ከላይ ወደ ታች በወረደ ነበር፤ ቱቦ ቢያፈስ በአንድ ቦታ ዙሪያ በሰፋ፣ ዝናብም ባልጠበቀ። ከላይ ጠርዙ ላይ ያለው ጨው ይህንኑ ያጠናክራል፤ መደቡ የያዘው ውኃ ወደ ግድግዳው ሰርጎ፣ ወደ ላይ ተስቦ እዚያ ይተናል ማለት ነው። ከመሬት የሚሳብ ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ገደማ አያልፍም፤ ስለዚህ በራስ ከፍታ ያለው ጥቁር ነጠብጣብ ሌላ ምክንያት አለው። የክረምት ሌሊት ግድግዳውን ያቀዘቅዘዋል፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ የተኙት ሰዎች ትንፋሽ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ገብቶ ወደ ጠል ይለወጣል። በአንድ ግድግዳ ላይ ሁለት ችግር አለ፤ መድኃኒቱም ሁለት ነው።

ይህን ግምት ላስቲክ ያረጋግጣል። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ አራቱም ጠርዙ በፕላስተር ግጥም ተደርጎ ግድግዳው ላይ ይለጠፍና አንድ ሁለት ቀን ይቆይ። ጠብታው ከላስቲኩ ጀርባ ከታየ እርጥበቱ ከግድግዳው ነው፤ ወደ ክፍሉ በዞረው ፊት ላይ ከታየ ከክፍሉ አየር ነው። ከጀርባ ወጥ ቤት ወይም መታጠቢያ ካለ ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ የውኃ ቆጣሪው ማታና ጠዋት ይነበብ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ የሚሠራው ውኃ ባለበት ሌሊት ብቻ ነው፤ ቤቱ ከሮቶ የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ መሙያው ተዘግቶ የሮቶው ውኃ መቀነሱን ማየት ይሻላል። የፍሳሽ ቱቦ ግን ቢያፈስም ቆጣሪው አይነግርም።

መድኃኒቱ ከውጭ ይጀምራል። አፈሩ ከወለሉ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ይነሣ፣ መሬቱ ከግድግዳው ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ፣ አሸንዳ ይገጠም። ጨዉ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ እንጂ አይታጠብ፤ ሲታጠብ ሟሟቶ ወደ ልስኑ ይመለሳል። ግድግዳው እስኪደርቅ ወራት ሊወስድ ይችላል። እርጥቡ ላይ የዘይት ቀለም መቀባት ወይም በሲሚንቶ መምረግ ውኃውን መውጫ ያሳጣዋል፤ ከፍ ብሎ ይወጣል ወይም ቀለሙን ገፍቶ ይጥለዋል። ሻጋታው ተጠርጎ ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፣ መስኮቱም ጠዋት ጠዋት ይከፈት።

እድፉ ዛሬም ውኃ እየጠጣ ነው ወይስ ያለፈ ክረምት ጠባሳ ነው? አንድ ፎቶ ይህን አይመልስም። ዙሪያውን በእርሳስ አስምሮ፣ ቀን ጽፎ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ከዚያው ቦታ ሌላ ፎቶ ማንሣት ይመልሳል። አንድ እድፍ ግን በፎቶ ሊፈረድበት አይገባም፦ በኮለን ወይም በቢም ላይ ስንጥቅን ተከትሎ ቀጥ ብሎ የወጣ ዝገት የመሰለ ቡናማ መስመር። ይህ በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ፌሮ መዛጉን ሊያመለክት ስለሚችል መሐንዲስ ቦታው ድረስ መጥቶ ማየት አለበት።