ፊደሉ ከጭረቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ባለፈው ክረምት አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ሁለት ኩሽኔታ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። አንደኛው ከሞተሩ የወጣው አሮጌ ነው፤ ሌላው በምትኩ የገዛው አዲስ። ሁለቱም ላይ 6204 የሚል ቁጥር አለ። ይህ ቁጥር በየትኛውም አገር ፋብሪካ ቢጻፍ የቀዳዳው ስፋት 20፣ የውጭው ስፋት 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር የሆነ ኩሽኔታ ማለት ነው። የአዲሱ ጽሑፍ ከአሮጌው ይልቅ የጠራና የደመቀ ነበር። «እስቲ በካሜራህ እየው፤ በሌዘር የተጻፈ ከሆነ ኦርጅናል ነው ብለውኛል» አለኝ።

የብረትና የፕላስቲክ ዕቃዎችን በቅርበት ማንሳት ሥራዬ ነው፤ ይህም ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብኛል። ጽሑፉ በሌዘር መጻፍ አለመጻፉን ፎቶ ይናገራል። «በሌዘር ከሆነ ኦርጅናል ነው» የሚለው ግን ስህተት ነው። ዛሬ የሌዘር መጻፊያ ማሽን ትንሽ ሱቅ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ሆኗል፤ አስመሳዩም አለው። ስለዚህ እኔ ከጽሑፉ ዓይነት በፊት ሌላ ነገር እጠይቃለሁ፦ ፊደሉና በብረቱ ገጽ ላይ ያለው ጭረት፣ ማን ቀድሞ መጣ?

በቶርኖ የተቆረጠ ወይም በድንጋይ የተሞረደ ብረት ለዓይን ለስላሳ ቢመስልም በቅርብ ሲታይ በጭረት የተሸፈነ ነው። መሣሪያው ያለፈበት መንገድ በቀጫጭን መስመር ተመዝግቦ ይቀራል። ብዙ ሰው ፎቶውን ሲያይ ዓይኑን ፊደሉ ላይ ይተክላል። ሚስጥሩ ያለው ጠርዙ ላይ ነው፤ እነዚህ መስመሮች ፊደሉ ጋ ሲደርሱ ምን ይሆናሉ?

ቀለም ከሆነ መስመሮቹ ምንም አይሆኑም። ቀለሙ ላያቸው ላይ ተኝቷል፤ ሳሳ ባለበት ቦታ ከሥሩ ይታያሉ፤ በሌላ በኩልም ሳይታጠፉ ይወጣሉ። እርጥብ ቀለም ደግሞ በጭረቶቹ ውስጥ ትንሽ ስለሚሰርግ የፊደሉ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። በቀለም መርጫ ማሽን የተጻፈ ከሆነ ፊደሉ ከክብ ነጠብጣቦች የተሠራ ነው፤ ከዋናዎቹ አጠገብም ሳይፈለጉ የተፈናጠሩ ጥቃቅን ነጥቦች ይታያሉ።

በምት የተጻፈ ከሆነ፣ ማለትም ፊደል የተቀረጸበት ብረት በመዶሻ ወይም በፕሬስ ተጭኖ ከሆነ፣ መስመሮቹ አይቆረጡም፤ ይታጠፋሉ። ብረቱ ተገፋ እንጂ አልተነሳም። ስለዚህ ጭረቶቹ በተዳፋቱ ግድግዳ ላይ ወደ ጉድጓዱ ሲወርዱ ይታያሉ፤ የተገፋው ብረትም ጠርዝ ላይ ትንሽ ጉብታ ሠርቶ ይቆማል። ብዙ ጊዜ የፊደሉ አንድ ወገን ከሌላው ይጠልቃል፤ ምቱ ትንሽ ካዘነበለ እንዲህ ይሆናልና።

ኩሽኔታ ላይ ግን አንድ ነገር ይጨመራል። የኩሽኔታ ቀለበት በሙቀት የጠነከረ ብረት ስለሆነ ከጠነከረ በኋላ በፊደል ብረት ቢመቱት መሣሪያው ይሰበራል። በምት የሚጻፈው ገና ለስላሳ ሳለ ነው፤ ከዚያ ይጠነክራል፤ በመጨረሻ ፊቱ በድንጋይ ይሞረዳል። ስለዚህ በዚህ መንገድ በተሠራ ኩሽኔታ ላይ የጠርዙ ጉብታ ተሞርዶ ሄዷል። የሞረዱ መስመሮችም ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ደርሰው ያቆማሉ፤ ወለሉ ላይ አንድም የለም፤ ወለሉ የምድጃውን ጥቁረት እንደያዘ ነው። ፊደሉ ቀድሞ ነበር፤ ጭረቱ ኋላ መጣ። የወፍጮ ቤቱ አሮጌ ኩሽኔታ እንዲህ ያለ ነበር።

ሌዘር ከሁለቱም ይለያል። ጨረሩ ብረቱን አይገፋም፤ ያቀልጠዋል፣ ያተነዋል። በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ምቶች፣ እያንዳንዳቸው ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ በሚያንስ ክብ ላይ እየተደራረቡ ይሄዳሉ። በቅርብ ሲታይ መስመሩ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራራቢ ቀለበት ይመስላል፤ ጠርዙም ቀጥ ያለ ሳይሆን በትናንሽ ቅስቶች የተሠራ ነው። ወፍራም ፊደል ከሆነ ውስጡ በትይዩ መስመሮች ተሞልቶ አዲስ የታረሰ ማሳ ይመስላል፤ ትልሞቹ ከፊደል ፊደል እኩል ርቀት አላቸው። ጭረቶቹ ጠርዙ ጋ ሲደርሱ በቀለጠና መልሶ በረጋ ብረት ይቆረጣሉ። በዙሪያው ብዙ ጊዜ ቢጫ ወይም ቡናማ የሙቀት ጥላ ይኖራል። ጨረሩ የሚጀምርበትና የሚያቆምበት ጫፍ ላይ ጠለቅ ያለ ነጥብ ካያችሁ እሱም ምስክር ነው።

እዚህ ላይ ልምድ ያለውንም የሚያሳስት ነገር አለ። ሌዘሩ ዝቅ ባለ ኃይል ሲሠራ ብረቱን ሳይቆፍር ገጹን ብቻ አሙቆ ያጠቁረዋል። ጥልቀት የለውም፤ ጭረቶቹም ልክ እንደ ቀለም ሥር ሳይነኩ ያልፋሉ። ፎቶው ላይ ቀለም ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው። መለያው ሁለት ነው። አንደኛ፣ እንዲህ ያለው ጥቁረት ወደ ጭረቶቹ አይሰርግም፤ ጠርዙም የማበጠሪያ ጥርስ የለውም። ሁለተኛ፣ መብራቱን ስታንቀሳቅሱ ከጥቁር ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቡናማ ይለዋወጣል። ቀለም ከየትኛውም ወገን ቢያበሩበት ያው ቀለም ነው።

ይህን ሁሉ ለማየት ውድ ካሜራ አያስፈልግም። ስልክ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ የማጉያ ሌንስ ይበቃል፤ መብራቱ ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። የስልኩን የራሱን መብራት አጥፉ፤ ከፊት ለፊት ስለሚመጣ ጥልቀትን ያጠፋል። ትንሽ ባትሪ ከጎን፣ ብረቱን ሊነካ እስኪቀርብ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ከዚያ ባትሪውን ወደ ተቃራኒው ወገን አዙራችሁ ዕቃውን ሳታንቀሳቅሱ ሁለተኛ ፎቶ አንሱ። ዓይናችን ብርሃን ከላይ ይመጣል ብሎ ስለሚገምት፣ ከታች የበራ ጉድጓድ ጉብታ መስሎ ይታየናል። እኔ ሁልጊዜ ከፊደሉ አጠገብ አንዲት የጤፍ ፍሬ አስቀምጣለሁ። ጥላዋ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ይነግረኛል፤ ርዝመቷም አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ የፊደሉን መጠን ለመገመት ትረዳለች።

ሌላው ወጥመድ ስልኩ ራሱ ነው። አብዛኛው ስልክ ፎቶውን ጥርት ለማድረግ በጥቁር መስመር ዙሪያ ነጭ ጠርዝ ይጨምራል። ያ ነጭ ጠርዝ በምት የተነሳ ጉብታ ይመስላል። እውነተኛ ጉብታ ግን በብርሃኑ በኩል ያበራል፣ በተቃራኒው በኩል ይጠቁራል፤ ባትሪው ሲዞርም ቦታ ይቀያየራል። ነጩ ጠርዝ በፊደሉ ዙሪያ ሁሉ እኩል ከሆነና ባትሪው ሲዞር ንቅንቅ ካላለ፣ የስልኩ ፈጠራ ነው። ሁለት ፎቶ ሳላይ ፍርድ የማልሰጠው ለዚህ ነው።

ፕላስቲክ ላይ ነገሩ ይለወጣል፤ የቅደም ተከተሉ ጥያቄ ግን ያው ነው። የሬዲዮ ወይም የኢንቨርተር ሰሌዳ ላይ ያለውን ጥቁር ቺፕ እንውሰድ። ሌዘር ጥቁሩን ፕላስቲክ ሲነካው ላዩን አንስቶ ውስጡ ያለውን የተፈጨ የሲሊካ ብናኝ ስለሚያጋልጥ ጽሑፉ ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ ትንሽም ይጠልቃል። ሌሎች ፕላስቲኮች ላይ ሙቀቱ አረፋ ስለሚያስነሳ ጽሑፉ ከገጹ ከፍ ይላል፤ ይህን አይቶ ቀለም ነው የሚል ብዙ ነው። አረፋው ግን በቅርብ ሲታይ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ ቀዳዳ አለው።

ቺፕ የሚያስመስሉ ሰዎች የድሮውን ጽሑፍ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው፣ ላዩን ጥቁር ልስን ቀብተው፣ እንደገና በሌዘር ይጽፋሉ። በ2012 የአሜሪካ ሴኔት የጦር ኃይሎች ኮሚቴ ባወጣው ዘገባ፣ ለመከላከያ በሚቀርቡ ዕቃዎች ውስጥ ተጠርጣሪ የሆኑ 1,800 ያህል አጋጣሚዎችና በድምሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች መገኘታቸውን ገልጿል። እንዲህ ባለው ቺፕ ላይ የሌዘሩ ፊደል እውነተኛ የሌዘር ፊደል ነው፤ ሐሰቱ ከሥሩ ነው። እኔ የማየው የመጀመሪያውን እግር የምታመለክተዋን ክብ ጎድጓዳ ነጥብ ነው። በቅርጽ ማውጫው ውስጥ የተሠራች ስለሆነች ወለሏ ልሙጥ፣ ጠርዟ ስል መሆን አለበት። ልስኑ ገብቶባት ከደፈነች ወይም ወለሏ እንደ ላዩ ሻካራ ከሆነ፣ አንድ ሰው ከፋብሪካው በኋላ ነክቷታል። አሴቶን በጥጥ ነክሮ መጥረግም ቀለምንና አንዳንዱን ልስን ያነሳል፤ ነገር ግን ብዙ ሌላ ፕላስቲክ ስለሚያቀልጥ በየዕቃው ላይ አትሞክሩት።

ዘዴው የማይሠራበትም ቦታ አለ። እንደ መስተዋት የተወለወለ ወይም በአሸዋ የተነፋ ገጽ ጭረት ስለሌለው ምስክር የለውም። ከተጻፈ በኋላ ዚንክ የተነከረ ወይም የተቀባ ብረትም ጠርዙ ሁሉ ስለሚደበዝዝ ምቱንና ሌዘሩን አንድ ያስመስላቸዋል።

ወደ ወፍጮ ቤቱ ሰው አዲስ ኩሽኔታ ልመለስ። ፎቶው ላይ ቅርፊቱ አለ፣ ትልሙ አለ፣ የሙቀት ጥላው አለ፤ ያለ ጥርጥር ሌዘር ነው። በፊደሎቹ መካከል ያለው ጭረት ግን ፋብሪካ ውስጥ እንደሚሞረድ ቀለበት በቅስት የሚሄድ አልነበረም፤ በአንድ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ በእጅ የተፈገፈገ ጭረት ነው። ባትሪውን ከግራ ሳበራ ከሌዘሩ ፊደል አጠገብ ጥልቀቱ ሊጠፋ የደረሰ የሌላ ፊደል ቅስት ብቅ አለ፤ ቀጥ ያሉት ጭረቶች በላዩ አልፈዋል። ቅደም ተከተሉ ግልጽ ሆነ፦ መጀመሪያ የድሮው ፊደል፣ ከዚያ ፍግፈጋው፣ ከዚያ ሌዘሩ። ለማረጋገጥ ውፍረቱን በካሊፐር ለካሁት፤ 13.8 ሚሊ ሜትር ነው። ለ6204 የተለመደው ደረጃ ከ14 ዝቅ እንዲል የሚፈቅደው እስከ 0.12 ድረስ ብቻ ነው። ፎቶው የተናገረውን ካሊፐሩ ደገመው፤ ኩሽኔታው ያገለገለ፣ ፊቱ ተፍቆ እንደ አዲስ የተጻፈበት ነው።

ሰውየው ገና ስላልገጠመው ፎቶዎቹን አሳይቶ ገንዘቡን አስመለሰ። ገጥሞት ቢሆን ኖሮ በመዶሻውና በቅባቱ የፊቱ ጭረት ይበላሽ ነበር፤ የሚያሳየውም ማስረጃ አይኖረውም። እናንተም አዲስ መለዋወጫ ስትገዙ ከመገጠሙ በፊት ጽሑፉን ከሁለት ወገን አብርታችሁ ሁለት ፎቶ አንሱ፤ ከአሮጌው ጋርም አስተያዩት፤ አሮጌውንም ቶሎ አትጣሉት።