የታይታኒክ አራት ሣጥኖች

ታይታኒክ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ የሰጠመችው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1912 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። ሎርድ መርሲ የመሩት የብሪታንያ አጣሪ ኮሚሽን በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት መሠረት መርከቧ ላይ 2,201 ሰዎች ነበሩ፤ ከእነዚህ የተረፉት 711 ናቸው። ነፍስ አድን ጀልባዎቹ 20 ሲሆኑ፣ ሁሉም ጢም ብለው ቢሞሉ እንኳ 1,178 ሰው ብቻ ነበር የሚይዙት። ስለዚህ ማን ጀልባ ላይ ይውጣ፣ ማን ይቅር የሚለው ጥያቄ የግድ ይነሣ ነበር። ካፒቴን ኤድዋርድ ስሚዝ ሴቶችና ሕፃናት ቅድሚያ እንዲያገኙ አዘዙ።

ትእዛዙ በእርግጥ ሠርቷል ወይ? ይህን ለማወቅ ከአራት ቁጥር በላይ አያስፈልግም።

| | ተረፉ | ሞቱ | ድምር |
|---|---|---|---|
| ሴት | 344 | 126 | 470 |
| ወንድ | 367 | 1,364 | 1,731 |
| ድምር | 711 | 1,490 | 2,201 |

ሕፃናትም እንደ ፆታቸው ከሴቶቹና ከወንዶቹ ጋር ተቆጥረዋል። እያንዳንዱን ቁጥር ለ2,201 ብናካፍለው ሠንጠረዡ ወደ ዕድል ይለወጣል። ከተሳፋሪዎቹና ከሠራተኞቹ መካከል አንድ ሰው ዐይናችንን ጨፍነን ብንመርጥ፣ ያ ሰው ሴትም የተረፈችም የመሆኗ ዕድል 344 ለ2,201፣ ማለትም 0.156 ነው። እንዲህ ሁለት ነገር አንድ ላይ የመሆኑን ዕድል የያዙት አራቱ ሣጥኖች የጣምራ ዕድል ሠንጠረዥ ይባላሉ። አራቱ ሲደመሩ 1 መምጣት አለባቸው፤ ካልመጣ አንድ ቦታ ስሕተት አለ ማለት ነው።

በጠርዙ ላይ የተጻፉት ድምሮች ደግሞ ስለ አንዱ ነገር ብቻ ነው የሚናገሩት። የተመረጠው ሰው ተርፎ የመገኘቱ ዕድል 0.323 ነው፤ ሴት ይሁን ወንድ አይጠይቅም። ሴት የመሆኗ ዕድል 0.2135 ነው፤ ትትረፍ ትሙት አይጠይቅም። ጋዜጦች አብዛኛውን ጊዜ የሚያትሙት እነዚህን የጠርዝ ቁጥሮች ነው፤ አንባቢም ከእነሱ ተነሥቶ የውስጡን ይገምታል። እስቲ መሐሉን በወረቀት ሸፍነን ጠርዙን ብቻ እንያዝ፦ 470 ሴቶች ነበሩ፣ 711 ሰዎች ተረፉ። ከዚህ ስንት ሴት እንደተረፈ ማወቅ ይቻላል? አይቻልም። 470ዎቹም ተርፈው ሊሆን ይችላል፤ አንዲትም ሳትተርፍ ቀርታም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ከጠርዙ ጋር አይጋጩም። ከሠንጠረዡ ወደ ጠርዙ መሄድ መደመር ብቻ ነው፤ ከጠርዙ ወደ ሠንጠረዡ መመለስ ግን ተጨማሪ እውቀት ካልተገኘ መንገድ የለውም።

ያለ ተጨማሪ እውቀት መመለስ የሚቻልበት አንድ ሁኔታ ብቻ አለ። ፆታና መትረፍ ምንም ባይገናኙ፣ አንዱ ከሌላው ነጻ ቢሆን ኖሮ፣ እያንዳንዱ ሣጥን የሁለቱ ጠርዞቹ ብዜት ይሆን ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። መትረፍ ፆታ የማይመርጥ ከሆነ፣ ከጠቅላላው ሰው 32.3 በመቶ እንደተረፈ ሁሉ ከሴቶቹም 32.3 በመቶ፣ ከወንዶቹም 32.3 በመቶ ይተርፋል። የ470 ሴቶች 32.3 በመቶ 152 ገደማ ነው። ሠንጠረዡ ላይ የተጻፈው ግን 344 ነው።

ልዩነቱ 192 ሰው ነው። ሌሎቹን ሦስት ሣጥኖች በተመሳሳይ መንገድ ያሰላ ሰው አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። ሊሞቱ ይችሉ ከነበሩት 318 ሴቶች የሞቱት 126 ናቸው፤ ልዩነቱ እንደገና 192። ከወንዶቹ 559 መትረፍ ሲገባቸው የተረፉት 367 ናቸው፤ አሁንም 192። በአራተኛው ሣጥንም ያው ነው። ይህ አጋጣሚ አይደለም። ጠርዞቹ እስካልተነቃነቁ ድረስ አንዱ ሣጥን ላይ የተጨመረ ሰው ከጎኑና ከታቹ ካሉት ሣጥኖች መቀነስ፣ በሰያፍ ካለው ላይ ደግሞ መጨመር አለበት። ስለዚህ ሁለት በሁለት በሆነ ሠንጠረዥ አንዱን ሣጥን ብቻ ማየት በቂ ነው። ሣጥኖቹ ከበዙ ግን ይህ አይሠራም፤ ነጻ ናቸው ለማለት ሁሉም ሣጥኖች ብዜቱን ማክበር አለባቸው፤ ነጻ አይደሉም ለማለት ግን አንዱ ማፈንገጡ ይበቃል።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ አንድ ተገቢ ጥያቄ ያነሣል። እውነተኛ ቆጠራ መቼም ቢሆን ከብዜቱ ጋር ልክ በልክ አይገጥምም፤ ታዲያ ምን ያህል ልዩነት ሲሆን ነው “ይገናኛሉ” የምንለው? 711ዱ የመትረፍ ዕድል በዕጣ ተከፋፍሎ ቢሆን ኖሮ የሚደርሳቸው ሴቶች ቁጥር ከ152 ወዲህም ወዲያም በ9 ገደማ መወዛወዙ የተለመደ ነው፤ ከ27 በላይ የሚርቀው ከስንት አንዴ ነው። እኛ ያገኘነው ርቀት 192 ነው። ዕጣ ይህን አያመጣም።

መርከቧ ትንሽ ብትሆን ግን ነገሩ ይለወጥ ነበር። 22 ሰው ብቻ የያዘች ጀልባ አስቡ፤ 5ቱ ሴቶች ናቸው፣ በጠቅላላው 7 ሰው ተርፏል፣ ከሴቶቹ ደግሞ 3ቱ ተርፈዋል። ብዜቱ 1.6 ሴት ነው የሚለው፤ እኛ ያለን 3 ነው፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሆኖም በዕጣ ብቻ እንኳ ከ100 ጊዜ 16 ያህሉን 3 ወይም ከዚያ በላይ ሴቶች ይወጣላቸዋል። በትንሽ ሠንጠረዥ ላይ ዐይን የሚስብ ልዩነት ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ኮቫሪያንስ የሚባለው መለኪያ ይህንኑ ልዩነት በአንድ ቁጥር ይዞ ይቀርባል። እሱን ለማስላት ግን ነገሩ ቁጥር መሆን አለበት። ስለዚህ ለሴት 1፣ ለወንድ 0 እንስጥ፤ ለተረፈ 1፣ ላልተረፈ 0። የእያንዳንዱን ሰው ሁለት ቁጥሮች እናባዛ። ብዜቱ 1 የሚሆነው ለተረፉት ሴቶች ብቻ ነው፤ ለሌላው ሁሉ ዜሮ ነው። የብዜቶቹ አማካይ እንግዲህ 344 ለ2,201፣ ማለትም 0.156 ነው። ከዚህ ላይ የሁለቱን አማካዮች ብዜት፣ 0.2135 ሲባዛ በ0.323፣ ማለትም 0.069 እንቀንስ። የሚቀረው 0.087 ኮቫሪያንሱ ነው። ቅድም ያገኘነውን 192 ለ2,201 ብናካፍልም ያው 0.087 ይመጣል። ምልክቱ አዎንታዊ መሆኑ ሴት መሆንና መትረፍ አብረው መሄዳቸውን ይነግረናል። የቁጥሩ ትልቅነት ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ለተረፈ ሰው በ1 ፈንታ 100 ብንሰጠው ኮቫሪያንሱ 8.7 ይሆን ነበር፤ በመርከቧ ላይ የሆነው ነገር ግን ያው ነው።

ሁለቱም ነገሮች 0 እና 1 ብቻ ሲሆኑ ኮቫሪያንሱ ዜሮ መሆንና ነጻ መሆን አንድ ናቸው። አንዱ ሦስተኛ ዋጋ ያገኘ ዕለት ግን ይህ ይፈርሳል፤ ብዙ የስታትስቲክስ ተማሪ ፈተና ላይ የሚወድቀውም እዚሁ ላይ ነው። አንድ ሳንቲም ሁለት ጊዜ እናጉን፤ ዘውድና ጎፈር። የመጀመሪያው ቁጥራችን የወጣው ጎፈር ብዛት ነው፦ 0፣ 1 ወይም 2። ሁለተኛው ሽልማት ነው፦ ሁለቱ ውርወራዎች ከተለያዩ 1 ብር፣ ከተመሳሰሉ ምንም። ሁለቴ ዘውድ የመውጣት ዕድሉ ሩብ ነው፣ ሽልማት የለውም። ሁለቴ ጎፈርም ሩብ ነው፣ ሽልማት የለውም። አንድ ጎፈር ብቻ የመውጣት ዕድሉ ግማሽ ነው፣ ሽልማቱም 1 ብር ነው። ከስድስቱ ሣጥኖች ሦስቱ ባዶ ናቸው።

ጎፈሩ በአማካይ 1 ነው፣ ሽልማቱ በአማካይ ግማሽ ብር። የሁለቱ አማካዮች ብዜት ግማሽ ነው። የብዜቶቹ አማካይስ? ሽልማት የሚኖረው ጎፈሩ 1 ሲሆን ብቻ ስለሆነ እሱም ግማሽ ነው። ኮቫሪያንሱ ዜሮ ሆነ። ይሁን እንጂ ስንት ጎፈር እንደወጣ የነገሩት ሰው ሽልማቱን ሳያይ ይናገራል፤ ከዚህ የበለጠ መገናኘት የለም። ኮቫሪያንሱ ያላየው ለምንድን ነው ቢባል፣ ጎፈሩ ከ0 ወደ 1 ሲወጣ ሽልማቱ ይጨምራል፣ ከ1 ወደ 2 ሲወጣ ደግሞ በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። ኮቫሪያንስ የሚያየው በቀጥታ መስመር አብሮ መውጣትና መውረድን ብቻ ነው። ሣጥኖቹን ያየ ሰው ግን ወዲያው ይይዘዋል፦ ሁለት ጎፈርና 1 ብር የሚገናኙበት ሣጥን ዜሮ ነው፤ የጠርዞቹ ብዜት ግን ሩብ ሲባዛ በግማሽ፣ አንድ ስምንተኛ ነው።

ወደ ታይታኒክ ስንመለስ፣ አራቱ ሣጥኖችም ራሳቸው የሌላ ሰፊ ሠንጠረዥ ጠርዝ ናቸው። መርከቧ ላይ ሦስት ማዕረግ ነበረ፣ ሠራተኞቹም ለብቻቸው ነበሩ፤ እኛ ያንን ሁሉ ደምረን ደበቅነው። ሲገለጥ እንዲህ ይሆናል። በአንደኛ ማዕረግ ከነበሩት 145 ሴቶች 141ዱ ተርፈዋል፤ በሁለተኛ ማዕረግ ከ106ቱ 93ቱ፤ በሦስተኛ ማዕረግ ግን ከ196ቱ 90ዎቹ ብቻ፣ ከግማሽ በታች። ወንዶቹ ዘንድ ቅደም ተከተሉ ይለያል። በአንደኛ ማዕረግ ከ180ው 62ቱ፣ በሦስተኛ ማዕረግ ከ510ሩ 88ቱ ሲተርፉ፣ በሁለተኛ ማዕረግ ከነበሩት 179 ወንዶች የተረፉት 25 ብቻ ናቸው። ከፍ ያለ ትኬት ቆርጠው ከሦስተኛ ማዕረግ ወንዶች ያነሰ ድርሻ ነው የተረፈላቸው፤ ይህን ደግሞ ከአራቱ ሣጥኖች ማንም ሊያነበው አይችልም ነበር።