ሃያ ዘመድ፣ አንድ ቪዲዮ

ደሴ ያሉ እናት 70 ዓመት ሊሞላቸው ነው እንበል። ልጆቻቸው አዲስ አበባ፣ ዱባይና ዋሽንግተን ተበታትነዋል። ሁሉም በስልኩ አጭር ቪዲዮ ቀርጾ ይልክና አንዱ ልጅ አገጣጥሞ በልደታቸው ቀን በቴሌቪዥን ያሳያቸዋል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን ገና ከጥሪው ነው። «እባካችሁ ቪዲዮ ላኩ» ብቻ የተባለ ዘመድ አንዱ ሦስት ደቂቃ ያወራል፣ ሌላው ፊቱ ጨልሞ ይመጣል፣ ሌላው ደግሞ በዓሉ ካለፈ በኋላ ይልካል። መልእክቱ እንዲህ ቢጻፍስ?

«ጤና ይስጥልን ቤተሰቦች። ግንቦት 10 (ሜይ 18) እማዬ 70 ዓመት ይሞላታል። የሁላችንንም ቃል በአንድ ቪዲዮ አድርገን ድንገት ልናሳያት ነው። አደራ፣ እሷ ባለችበት ግሩፕ ላይ እንዳታነሱት።

1. ከ30 ሰከንድ አይብለጥ።
2. ስልኩን አግድም ያዙ፤ ከክንድ ርቀት ብዙ አትራቁ።
3. ፊታችሁን ወደ መስኮት አዙሩ፤ መስኮቱ ከጀርባችሁ አይሁን።
4. ቴሌቪዥንና ማራገቢያ አጥፉ።
5. መቅረጽ ከጀመራችሁ በኋላ ሁለት ሰከንድ ዝም በሉ፤ ስትጨርሱም እንዲሁ።
6. እማዬ ያደረገችላችሁን የማትረሱትን አንድ ነገር ንገሩን።
7. በቴሌግራም ስትልኩ «File»፣ በዋትስአፕ «Document» የሚለውን ምረጡ።

የመጨረሻው ቀን ሚያዝያ 23 (ሜይ 1) ነው። ለእኔ ብቻ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።»

ከሰከንዱ እንጀምር። ሃያ ሰው 30 ሰከንድ ቢናገር አሥር ደቂቃ ይሆናል፤ እንግዳ ሳይሰለች ያየዋል። እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ከወሰደ ግን አርባ ደቂቃ ሊሆን ነው። ያኔ አቀናባሪው የአጎትን ንግግር ሊቆርጥ ይገደዳል፤ ከዚያ የሚመጣውን ቅሬታ ደግሞ ማንም ቤተሰብ ያውቀዋል።

ስልክ ቀጥ ብሎ ተይዞ የተቀረጸ ምስል ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ መሐል ላይ ጠብቦ ይቀራል፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል። ብርሃንም እንዲሁ ነው። መስኮት ከጀርባ ሲሆን ስልኩ ለደማቁ ብርሃን ራሱን ስለሚያስተካክል ፊት ይጨልማል። ይህን በኋላ በቅንብር ማዳን ከባድ ነው። ድምፅ ደግሞ ከምስልም ይብሳል፤ የደበዘዘ ፊት ይታለፋል፣ ያልተሰማ ምርቃት ግን ከንቱ ነው። የዱባዩ ልጅ የአየር ማቀዝቀዣውን ለአንድ ደቂቃ ቢያጠፋ ብዙ ይጠቅማል። ሁለቱ ሰከንድ ዝምታ የሚያስፈልገው ደግሞ ሲቆረጥና ሲቀጠል የመጀመሪያው ቃል እንዳይዋጥ ነው።

ስድስተኛው መስመር ከሌለ ሃያው ሰው «እንኳን ለ70ኛ ዓመትሽ አደረሰሽ፣ ረጅም ዕድሜ» ብሎ ያበቃል። አንድ ጥያቄ ሲቀርብለት ግን አንዷ እህት እማዬ ለትምህርት ቤት መዋጮ ወርቋን የሸጠችበትን ቀን ታነሳለች፤ የልጅ ልጅ ደግሞ በስልክ የምታሳየውን የዶሮ ወጥ አሠራር ያወራል። አማርኛ የማይቀናው የልጅ ልጅ በሚችለው ቋንቋ ይናገር፤ ትርጉሙ ከሥር ይጻፍለታል። ስማርት ስልክ የሌላቸውን አዛውንት ማን ሄዶ እንደሚቀርጻቸውም አስቀድሞ በስም ይመደብ፤ «አንድ ሰው ይቅረጻቸው» ከተባለ ማንም አይሄድም።

በተለመደው መንገድ የተላከ ቪዲዮ በመተግበሪያው ተጨምቆ ጥራቱ ይቀንሳል። ስልክ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም፤ ትልቅ ስክሪን ላይ ግን ፊት ይደበዝዛል። በፋይል መልክ ሲላክ እንዳለ ይደርሳል። መጠኑ ስለሚከብድ ካሜራውን «1080p» ላይ ማድረግ ይበቃል፤ «4K» የኢንተርኔት ፓኬጅ ይጨርሳል እንጂ ለዚህ ሥራ ብዙ አይጨምርም።

ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር መጻፉ ለይስሙላ አይደለም። ውጭ የኖረ ሰው ሚያዝያን ኤፕሪል ብሎ ስለለመደው «ሚያዝያ 23»ን ኤፕሪል 23 አድርጎ ሊያነበው ይችላል፤ ትክክለኛው ሜይ 1 ነው። ሰዓት ከጠቀሳችሁም የማን አገር ሰዓት እንደሆነ ግለጹ። ቀጠሮው ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ተኩል መቅደሙ የዘገየን ለመጠበቅና የተበላሸን ለማስደገም ነው።

መልእክቱን ከመልቀቃችሁ በፊት አንድ ሥራ ይቀራል። ራሳችሁ በመመሪያው መሠረት 20 ሰከንድ ቀርጻችሁ ከሥሩ አያይዙት። ረጅም ጽሑፍ የማያነብ ዘመድ አይቶ ያንኑ ይደግመዋል።