ፎገራን ከሰማይ ማንበብ

በጥር የተነሣ የሳተላይት ምስል ከፍቶ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለውን አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ ገና ሲጀምር ነው። የጉናን ተራራ ወገብ የሸነሸኑት ሸለቆዎች ጉብ ብለው እንደ ሸንተረር ይታዩታል፤ ጅረቱም በሸንተረሩ ጫፍ ላይ የሚፈስ ይመስለዋል። ምስሉ ላይ ግን ምንም ስህተት የለም።

ጥፋቱ የዓይን ነው። ዓይን ብርሃን ከላይ ወደ ታች እንደሚመጣ አድርጎ ያያል። ሳተላይቱ በአካባቢው የሚያልፈው ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በበጋ በዚያ ሰዓት ፀሐይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ናት። ሰሜኑ ወደ ላይ በሆነ ምስል ታዲያ ብርሃኑ ከታች ይመጣል፣ ጥላው ወደ ላይ ይወድቃል፣ ጉድጓዱም ጉብታ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ምስሉን ገልብጦ ደቡቡን ወደ ላይ ማድረግ። ሸለቆው ወዲያው ይሰምጣል።

ከተራራው ወርደው ፎገራ ሜዳ ሲደርሱ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይፈሳሉ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው አስፋልት ደግሞ ሁለቱንም አቋርጦ በወረታ በኩል ያልፋል። በበጋ የደረቀ የጅረት አሸዋና የጠጠር መንገድ ከላይ ሲታዩ እኩል ነጭ ስለሆኑ በቀለም መለየት አይቻልም። ቅርጻቸው ግን ያጋልጣቸዋል። ወንዝ ይጠማዘዛል፣ ስፋቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ በዳርና ዳሩ ዛፍ ይከተለዋል። መንገድ ስፋቱን ጠብቆ ይሄዳል። ከሁሉ የሚሻለው ምልክት ግን መገናኛቸው ነው፦ መንገዶች መስቀለኛ ሆነው ይተላለፋሉ፣ ወንዞች ግን ይገባበራሉ እንጂ አይተላለፉም። ገባሩ የሚገባበት ሹል ማዕዘንም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቁልቁለቱ ስለሚያመለክት፣ ውኃው ወዴት እንደሚፈስ ያለ ካርታ ይታወቃል።

እርሻው ላይ ሲደረስ የምስሉ ጥራት ወሳኝ ይሆናል። በነጻ የሚገኘው የአውሮፓውያኑ ሴንቲኔል 2 ምስል ጥርት ባለው ደረጃው አንዱ ነጥብ፣ ማለትም ፒክስሉ፣ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ጥማድ መሬት ሩብ ሄክታር ያህል ነው ቢባል 25 ነጥቦች ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ማሳው በጥራት አይታይም፤ የሚታየው የጨርቅ ቁርጥራጭ እንደተጣፈበት ብርድ ልብስ ያለ ነገር ነው። ክብ ሣር ክዳን ቤት ደግሞ ከአንዲት ነጥብ ስለሚያንስና ቀለሙም ከአፈሩ ጋር ስለሚመሳሰል ጭራሽ ይጠፋል። አስፋልቱ ራሱ ከ10 ሜትር ቢጠብም አይጠፋም፤ ለኪሎ ሜትሮች ሳይቋረጥ የሚዘረጋ መስመር ስለሆነ ዓይን ይከተለዋል።

መንደር ታዲያ እንዴት ይገኛል? በዛፉ ነው። የገጠር ቤት ባህር ዛፍ ይከበዋል፤ ባህር ዛፍ ደግሞ በሰው እጅ የተተከለ በመሆኑ ዳሩ ቀጥ ያለ፣ አናቱም እንደተላጨ እኩል ነው። ጥቂት ደማቅ የቆርቆሮ ነጸብራቅ አጠገቡ ካለ ጥርጣሬ አይኖርም። ከዚህ የሚለየው የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። በደቡብ ጎንደር በቡናማው እርሻ መካከል ጥቁር አረንጓዴ ክብ ሆኖ ይታያል፤ አናቱ የተለያየ ዕድሜ ባላቸው ወይራና ጽድ የተነሣ ሻካራ ነው። ጉግል ኧርዝ ላይ በደንብ ሲቀረብ ደግሞ እምብርቱ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ክብ የቆርቆሮ ጣሪያ ያበራል።

ይህን ሁሉ ያወቀ ሰው ግን መስከረም ላይ የተነሣ ምስል ሲሰጡት እንደገና ይደናገራል። ጎርፍ የተኛበት የሩዝ ማሳ ጠቆር ብሎ የሐይቁ ተቀጥያ ይመስላል። የደመና ጥላም ኩሬ ይመስላል። ጥላውን ማጋለጥ ቀላል ነው፤ በዚያው አቅጣጫና በተቀራራቢ ርቀት ላይ ባለቤቱ የሆነው ደመና ይገኛል። ለሩዙ ግን ምስሉን አፍጥጦ ከማየት ይልቅ የየካቲቱን አጠገቡ ማስቀመጥ ይሻላል፣ ሳተላይቶቹ ሁለት ሆነው በየ5 ቀኑ ስለሚመለሱ የሚነጻጸር አይጠፋም። በየካቲት ሐይቁ በቦታው አለ፣ ሩዙ የነበረበት ሜዳ ገለባ መስሎ ነጥቷል፣ ርብን ተከትሎ ደግሞ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ቀርቷል። እሱ ከወንዙ በፓምፕ እየተሳበ የሚጠጣ የሽንኩርት ማሳ ነው።