ሐኪሞች እጃቸውን መታጠብ የጀመሩት ለምንድን ነው?

እግር ተሰብሮ ቆዳው ካልተቀደደ አጥንቱ ታስሮ ይድናል። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ከወጣ ግን ቁስሉ በቀላሉ ይመግላል። ከ160 ዓመት በፊት በአውሮፓ እንዲህ የተሰበረ ሰው ብዙ ጊዜ እግሩ ይቆረጥ፣ ወይም ይሞት ነበር። ለምን ይሆን? እስቲ አብረን እንየው።

የዚያን ጊዜ ሐኪሞች ደም የደረቀበት ካፖርት ለብሰው ይቀዱ ነበር። ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ሲሄዱ እጃቸውን አይታጠቡም። ቢላዋውንም በጨርቅ ጠረግ አድርገው መልሰው ይሠሩበታል። ቁስል የሚያበላሸው መጥፎ አየር ነው ብለው ስለሚያምኑ እጃቸውን አልጠረጠሩም።

በ1860 እ.ኤ.አ. ገደማ ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር መረቅ በጠርሙስ ውስጥ አፈላ። የጠርሙሱ አንገት ረጅምና የጎበጠ ነው። አየር ይገባል፤ አቧራው ግን አንገቱ ላይ ይቀራል። መረቁ ሳይበላሽ ቆየ። አንገቱ ሲሰበር ግን ወዲያው መበላሸት ጀመረ። እንግዲህ የሚያበላሸው አየሩ አይደለም፤ ከአቧራው ጋር የሚመጡ፣ በዓይን የማይታዩ ጀርሞች ናቸው።

ጆሴፍ ሊስተር የሚባል የግላስጎ ከተማ ሐኪም ይህን አነበበ። «ቁስልም እንደ መረቁ ቢሆንስ?» ብሎ አሰበ። ያልተቀደደ ቆዳ ማለት እኮ እንዳልተሰበረው አንገት ነው። ሥጋን ግን እንደ መረቅ ማፍላት አይቻልም። ስለዚህ የፍሳሽ ቆሻሻ ሽታ ለማጥፋት ይጠቀሙበት የነበረውን ካርቦሊክ አሲድ መረጠ።

በነሐሴ 1865 እ.ኤ.አ. ጄምስ የሚባል የ11 ዓመት ልጅ የጋሪ ጎማ እግሩን ሰብሮት መጣ። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ነበር። ሊስተር በካርቦሊክ አሲድ የራሰ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጎ እግሩን አሰረ። በአራተኛው ቀን ሲፈታው የመበስበስ ሽታ የለም፤ መግልም የለም። አሲዱ ቆዳውን ትንሽ አቃጥሎት ነበርና በኋላ አቅጥኖ አደረገለት። ልጁ ከስድስት ሳምንት በኋላ በሁለት እግሩ ቆመ።

ቀጥሎ ሊስተር ጀርም በጣትና በመሣሪያም ወደ ቁስል እንደሚገባ ተረዳ። ስለዚህ እጅም መሣሪያም በካርቦሊክ ውኃ እንዲታጠቡ አደረገ።

ግን አሲዱ የሐኪሞቹንም እጅ ያቆስል ነበር። ስለዚህ ከእርሱ በኋላ የመጡ ሐኪሞች «ጀርሙን ቁስል ውስጥ ከመግደል አስቀድሞ እንዳይገባ መከልከል ይሻላል» አሉ። መሣሪያውን ማፍላት ጀመሩ። ማፍላት ብቻውን ግን አይበቃም፤ እንደ ቲታነስ ያለው ጀርም ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ከፈላ ውኃ ሊተርፍ ይችላል። ለዚህ ነው ዛሬ መሣሪያ በታፈነ እንፋሎት፣ በ121 ዲግሪ ሙቀት፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ የሚቆየው።

እጅ ግን አይቀቀልም። የቱንም ያህል ቢታጠብ ከቆዳው ጀርም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ስለዚህ ሐኪሙ መጀመሪያ እጁን ይታጠባል፤ ከዚያም በላዩ ጓንት ያጠልቃል።