ነጩ ዱቄት ውሃ ሲነካው ለምን ሰማያዊ ይሆናል?

ሰማያዊውን የኮፐር ሰልፌት ድንጋይ ፈጭታችሁ በቴስት ቲዩብ ውስጥ ቀስ እያላችሁ ብታሞቁት፣ በመስታወቱ አፍ ላይ የውሃ ጠብታ ይሰበሰባል፤ ዱቄቱም ይነጣል። ቀዝቅዞ ጥቂት ውሃ ጠብ ሲልበት ሰማያዊነቱ ይመለሳል። መዳቡ ያው ነው፤ የተለወጡት ጎረቤቶቹ ብቻ ናቸው። ክሪስታል ፊልድ ቲዮሪ የሚነግረን ጎረቤት የብረትን ቀለም እንዴት እንደሚወስን ነው።

ሐሳቡን በ1929 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ፊዚሲስቱ ሃንስ ቤተ ነው። መነሻው በክሪስታል ውስጥ ያለ የብረት አዮን በዙሪያው ካሉት አሉታዊ ሙሎች ምን እንደሚደርስበት ማስላት ነበርና ስሙ ከዚያ ቀረ። ዛሬ ግን በውሃ ውስጥ ለሟሙ ውህዶችም ይሠራል። ብረቱን የሚከቡት ሞለኪውሎች ወይም አዮኖች ሊጋንድ ይባላሉ።

የመዳብ አዮን (Cu²⁺) በዲ ኦርቢታሎቹ ውስጥ ዘጠኝ ኤሌክትሮኖች አሉት። ኦርቢታሎቹን ኤሌክትሮን የሚያድርባቸው አምስት ክፍሎች አድርገን እናስባቸው፤ እያንዳንዱ ሁለት ይይዛል። አዮኑ ብቻውን ሲሆን አምስቱም እኩል ጉልበት አላቸው። ስድስት ሊጋንዶች ከላይና ከታች፣ ከግራና ከቀኝ፣ ከፊትና ከኋላ ሲከቡት ግን እኩልነቱ ይፈርሳል። ሁለቱ ኦርቢታሎች ወደ ሊጋንዶቹ ፊት ለፊት የተዘረጉ ናቸው። ኤሌክትሮን ኤሌክትሮንን ይገፋልና የእነዚህ ጉልበት ከፍ ይላል። ሦስቱ በሊጋንዶቹ መካከል ስለሚያልፉ ዝቅ ብለው ይቀራሉ። በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው የጉልበት ልዩነት በ Δ ይወከላል።

ዘጠኙ ኤሌክትሮኖች ሲደለደሉ ስድስቱ ታችኛውን ይሞላሉ፤ ሦስቱ ላይ ይወጣሉ፤ ላይ አንድ ክፍት ቦታ ይቀራል። ጉልበቱ ከ Δ ጋር የሚመጣጠን ብርሃን ሲመጣ፣ ከታች ያለ ኤሌክትሮን ብርሃኑን ውጦ ወደዚያ ክፍት ቦታ ይዘላል። ውሃ የከበበው መዳብ በብዛት የሚውጠው 800 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ነው። ይህ ዓይናችን ከሚያየው ወሰን ጫፍ ቢወጣም፣ የሚዋጠው ክልል ሰፊ በመሆኑ ቀዩን ይነካል። ቀይ የተቀነሰበት ነጭ ብርሃን ወደ ዓይናችን ሲደርስ ፈዛዛ ሰማያዊ ሆኖ ይታየናል።

አሁን በሰማያዊው ውሃ ላይ አሞኒያ ጨምሩበት። መጀመሪያ ፈዛዛ ሰማያዊ ዝቃጭ ይፈጠራል። አሞኒያው ሲበዛ ዝቃጩ ሟሙቶ ውሃው ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል። አራት የአሞኒያ ሞለኪውሎች የውሃውን ቦታ ወስደዋል፤ አሞኒያ ደግሞ ከውሃ ይበልጥ ኦርቢታሎቹን ያራርቃል። የሚዋጠው ብርሃን ወደ 600 ናኖሜትር፣ ማለትም ወደ ብርቱካናማው ይመጣል። በግምት 120,000ን በናኖሜትሩ ስናካፍል ጉልበቱ በኪሎጁል በሞል ይገኛል፤ ስለዚህ ከ150 ወደ 200 ገደማ አድጓል ማለት ነው። ነጩ ዱቄት ላይ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ውሃው ሲለቅ መዳቡን የሚከቡት የሰልፌቱ ኦክስጅኖች ናቸው። የእነሱ ጫና ደካማ ስለሆነ የሚዋጠው ብርሃን ከዓይናችን ወሰን ርቆ ይወጣል።

ዚንክ ሰልፌት ግን ውሃ ቢያገኝም አሞኒያ ቢጨመርበትም ቀለም አያወጣም። የዚንክ አዮን አሥር ኤሌክትሮኖች አሉት፤ ሁሉም ቦታ ሞልቷልና መዝለያ የለም።

ቲዮሪው ሁሉን አይፈታም። በፖታሲየም ፐርማንጋኔት (KMnO₄) ውስጥ ማንጋኒዙ አንድም የዲ ኤሌክትሮን የለውም፤ ውህዱ ግን ደማቅ ሐምራዊ ነው። እዚያ ኤሌክትሮኑ የሚሻገረው ከኦክስጅኑ ወደ ማንጋኒዙ ነው። ቤተ ሊጋንዶቹን እንደ ነጥብ ሙል ብቻ ስለቆጠራቸው ይህን ሽግግር ማስረዳት አይችልም።

ለፈተና የሚጽፍ ተማሪ ቅደም ተከተሉን ይያዝ፦ ሊጋንዶች ይቀርባሉ፣ ዲ ኦርቢታሎች ለሁለት ይከፈላሉ፣ ኤሌክትሮን ከ Δ ጋር የሚመጣጠን ብርሃን ውጦ ይዘላል፣ ያልተዋጠው ብርሃን ቀለም ሆኖ ይታያል። ነጥብ የሚያስቀንሰው የተለመደ ስሕተት «ኤሌክትሮኑ ተመልሶ ሲወርድ ሰማያዊ ብርሃን ያወጣል» ብሎ መጻፍ ነው። ኤሌክትሮኑ ሲመለስ ጉልበቱን የሚሰጠው በሙቀት መልክ ነው፤ የምናየው ሰማያዊ ሳይዋጥ ያለፈው ብርሃን ነው።